ጠርዝ ሲነካ የሚበላሸው የአራት ማዕዘን ድምር

ጥያቄ፦ «የቁጥሮች ሰንጠረዥ ተሰጥቶኝ የማንኛውንም አራት ማዕዘን ድምር ቶሎ ቶሎ እንድመልስ ነው የተጠየቅኩት። በፓይተን ጻፍኩት። ድምር ሰንጠረዡን S ስገነባ ለመጀመሪያው ረድፍና ለመጀመሪያው ዓምድ if አስገብቻለሁ፤ ፕሪንት አድርጌ አይቼዋለሁ፣ ልክ ነው። መሃል ላይ ያለ አራት ማዕዘን ስጠይቅ ትክክል ይመጣል። የላይኛውን ወይም የግራውን ጠርዝ ሲነካ ግን አንዳንዴ ኔጌቲቭ፣ አንዳንዴ ደግሞ ልክ የሚመስል የተሳሳተ ቁጥር ይሰጠኛል። ኤረር የሚባል የለም። መጀመሪያ ላይ -1 ሳላደርግ ሞክሬ ነበር፤ ያኔ መልሱ ያንስብኝ ነበር። መጨረሻ ላይ አንዱን ጥግ መልሰን የምንደምረው ለምን እንደሆነም በደንብ አልገባኝም። ይሄን ሁሉ ትቼ በየረድፉ ብደምር አይሻልም? ሰንጠረዡ 1000 በ1000፣ ጥያቄዎቹ 200,000 ናቸው። ወንድማችሁን እርዱት።»

```python
def total(r1, c1, r2, c2):
    return S[r2][c2] - S[r1-1][c2] - S[r2][c1-1] + S[r1-1][c1-1]
```

ፎርሙላህ ልክ ነው። ምልክቶቹም ልክ ናቸው። የተበላሸው ፎርሙላው የሚያነበው ቦታ ነው። r1 ዜሮ ሲሆን r1-1 ማለት -1 ነው፤ ፓይተን ደግሞ S[-1] ስትለው አይጮህም። ለሱ -1 ማለት «ከኋላ የመጀመሪያው» ማለት ስለሆነ የመጨረሻውን ረድፍ አንስቶ ይሰጥሃል። አንተ «ከሰንጠረዡ በላይ ምንም የለም፣ ስለዚህ ዜሮ» ብለህ አስበሃል፤ እሱ የሰንጠረዡን ግርጌ ቀንሶ ቁጭ ብሏል። ጃቫ ላይ ብትጽፈው ኖሮ ፕሮግራሙ እዚያው ቀጥ ብሎ ይነግርህ ነበር። ሲፕላስፕላስ ላይ ደግሞ ከሰንጠረዡ ውጪ ያለ ሜሞሪ ሊያነብና ምን እንደሚያመጣ የማይታወቅ ነገር ሊሰጥህ ይችል ነበር። ፓይተን ላይ ግን ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ እጅህ ላይ ይዘህ ልታየው ትችላለህ። ትንሽ ሰንጠረዥ እንውሰድ፤ 4 ረድፍ፣ 5 ዓምድ።

```
A:
2 1 3 0 4
5 0 2 6 1
1 4 3 2 2
3 1 0 5 7

S:
 2  3  6  6 10
 7  8 13 19 24
 8 13 21 29 36
11 17 25 38 52
```

S[i][j] ከላይኛው ግራ ጥግ ተነስቶ እስከ ረድፍ i እና ዓምድ j ድረስ ያለው ሁሉ ድምር ነው፣ ሁለቱንም ጨምሮ። ረድፍና ዓምድ ከ0 ነው የምንቆጥረው። አሁን ከረድፍ 0 እስከ 1፣ ከዓምድ 1 እስከ 2 ያለውን ጠይቅ። ሳጥኖቹ 1፣ 3፣ 0፣ 2 ናቸው፤ ድምራቸው 6። ያንተ ኮድ ግን የሚያሰላው S[1][2] ሲቀነስ S[-1][2] ሲቀነስ S[1][0] ሲደመር S[-1][0] ነው። በቁጥር 13 - 25 - 7 + 11፣ ማለትም -8። ይቺ -8 ዝም ብላ የመጣች ቁጥር አይደለችም። ከጠየቅከው አራት ማዕዘን ሥር ያሉትን ሳጥኖች እይ፤ 4፣ 3፣ 1፣ 0። ድምራቸው 8 ነው። ኮድህ የሰጠህ የጠየቅከውን ሳይሆን ከሥሩ የቀረውን ነው፣ ያውም በኔጌቲቭ።

«ልክ የሚመስለው» መልስም ከዚሁ ነው የሚመጣው። አራት ማዕዘኑ ላይኛውንና ግራውን ጠርዝ አንድ ላይ ሲነካ፣ ለምሳሌ ከረድፍ 0 እስከ 1፣ ከዓምድ 0 እስከ 2 ስትጠይቅ፣ 13 - 25 - 24 + 52 ይሆንና 16 ይወጣል። ትክክለኛው መልስ 13 ነው። 16 ደግሞ በተቃራኒው ጥግ፣ ታች በስተቀኝ ያሉት 2፣ 2፣ 5፣ 7 ድምር ነው። ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ፖዘቲቭ ሆነ፣ ስለዚህ ዓይን አይስበውም። አደገኛው ይሄኛው ነው፤ ኔጌቲቩን ማንም ያያል፣ 16ን ግን 13 መሆን ነበረበት ብሎ የሚጠረጥር የለም። ሙሉውን ሰንጠረዥ ጠይቀው ደግሞ፦ 52 - 52 - 52 + 52፣ ዜሮ ይልሃል። ያንተ በሽታ ይሄ መሆኑን በአንድ ሙከራ ለማረጋገጥ ከፈለግክ ይቺኛዋ ትበቃለች።

ሰንጠረዡን ስትገነባ if ማስገባትህ አድኖሃል። ብዙ ሰው ግንባታው ላይም እንዲሁ ያለ if ይጽፍና የመጀመሪያው ረድፍ በአጋጣሚ ልክ ይመጣለታል፤ ምክንያቱም የመጨረሻው ረድፍ ያኔ ገና ባዶ ነው፣ ሁሉም ዜሮ ነው። ሁለተኛው ረድፍ ሲጀምር ግን ከበላዩ ያለው ረድፍ የመጨረሻ ዓምድ ቀድሞ ተሞልቷል። በዚህ ሰንጠረዥ S[1][0] መሆን ያለበት 7 ነው። ያለ if 5 + 2 + 0 - 10 ይሆንና -3 ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በዚያ ላይ ስለሚደመር የሚተርፍ ነገር አይኖርም።

-1 ሳታደርግ የሞከርከውም ሌላ ስህተት ነው፣ ለየብቻ መታየት አለበት። ከረድፍ 1 እስከ 2፣ ከዓምድ 1 እስከ 3 ውሰድ። ሳጥኖቹ 0፣ 2፣ 6 እና 4፣ 3፣ 2 ናቸው፤ ድምሩ 17። ያለ -1 ስታሰላው S[2][3] - S[1][3] - S[2][1] + S[1][1]፣ ማለትም 29 - 19 - 13 + 8 ነው፤ መልሱ 5። ይቺ 5 ከየት መጣች? ረድፍ 2 ላይ ከዓምድ 2 እስከ 3 ያሉት 3 እና 2 ናቸው። አየህ፣ S[1][3] ረድፍ 1ን ራሱን ይዟል። እሱን ስትቀንስ ልታስቀረው የፈለግከውን ረድፍ አብረህ ቆርጠህ ትጥለዋለህ፣ ዓምዱም እንደዚያው። የቀረህ ከላይ አንድ ረድፍ፣ ከግራ አንድ ዓምድ ያጣ አራት ማዕዘን ነው። ቁጥሮቹ ኔጌቲቭ እስካልሆኑ ድረስ መልሱ ከትክክለኛው አይበልጥም፤ «ያንስብኛል» ያልከው ለዚህ ነው። 1 በ1 የሆነ ጥያቄ ብትሰጠው ምንጊዜም 0 ነው የሚመልሰው።

አሁን ወደ ጥጉ። «ሁለቴ ስለተቀነሰ» የሚለው መልስ ትክክል ነው፤ ግን ምን ሁለቴ እንደተቀነሰ ካላየኸው ፎርሙላውን በቃል ከመያዝ ሌላ አማራጭ የለህም፣ በቃል የተያዘ ምልክት ደግሞ ሲቸኩሉ ይጠፋል። ያንኑ የ17 አራት ማዕዘን ይዘን እንሂድ። ከላይኛው ግራ ጥግ እስከ አራት ማዕዘኑ ታችኛው ቀኝ ጫፍ ያለው በሙሉ 29 ነው። ከዚህ ውስጥ የማንፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከላይ ያለው ረድፍ፣ 2 1 3 0፣ ድምሩ 6። ሁለተኛው በግራ ያለው ዓምድ፣ 2 5 1፣ ድምሩ 8። ሁለቱም ላይ አንድ 2 አለች፤ ያቺው ጥጉ ላይ ያለችው ሳጥን ናት። 29 ውስጥ የገባችው አንዴ ነው። አንዴ ከ6 ጋር፣ አንዴ ከ8 ጋር ስትወጣ ግን ሁለቴ ወጣች፣ ማለትም -1 ጊዜ ተቆጠረች። ዜሮ እንድትሆን አንዴ ትመለስ። 29 - 6 - 8 + 2፣ መልሱ 17።

እኔ ግን ሌላ መንገድ ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም ምልክቶቹን ማስታወስ ራሱን አያስፈልግም። ሥራውን በሁለት እርምጃ ክፈለው። መጀመሪያ ከላይ ያለውን ብቻ ቁረጥ። እስከ ረድፍ 2 ካለው እስከ ረድፍ 0 ያለውን ስትቀንስ ረድፍ 1 እና 2 ይቀራሉ። እስከ ዓምድ 3 ድረስ ይሄ 29 - 6 ነው፣ 23። ቀጥለህ ከዚሁ ቁራጭ በግራ በኩል ያለውን አውጣ። የግራው ክፍልም ላዩ የተቆረጠ ነው፤ 8 - 2፣ ማለትም 6። እሱም 5 እና 1 ናቸው፣ ሰንጠረዡ ላይ ሄደህ እያቸው። 23 - 6፣ መልሱ 17። እዚህ ላይ መልሶ የሚደመር ነገር የለም። ልዩነት አገኘህ፣ ከዚያ የሁለት ልዩነቶች ልዩነት አገኘህ፣ አለቀ። ቅንፉን ስትፈታው የጥጉ ምልክት ራሱ ፕላስ ሆኖ ይወጣል። ኮዱንም ልክ እንደዚህ በቅንፍ ጻፈው ነው የምልህ።

የጠርዙን ችግር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈታው ጥያቄው ውስጥ if በመደርደር ነው። r1 ከዜሮ ከበለጠ ይሄን ቀንስ፣ c1 ከዜሮ ከበለጠ ያንን ቀንስ፣ ሁለቱም ከበለጡ ጥጉን ደምር። ይሠራል። አልመክረውም ግን፤ ሦስት if ማለት ሦስት የመሳሳቻ ቦታ ነው፣ በተለይ ሦስተኛው ላይ «እና» በማለት ፈንታ «ወይም» ብለህ ብትጽፍ መልሱ የሚበላሸው ጠርዝ ላይ ብቻ ስለሆነ ተመልሰህ እዚሁ ችግር ውስጥ ነህ። ችግሩን ከሥሩ የሚነቅለው ሰንጠረዡን በአንድ ረድፍና በአንድ ዓምድ ማሳደግ ነው።

ይሄን «ዜሮ መለጠፍ ነው» ብለህ ብቻ አትለፈው። በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን የተሠሩ 4 ሰርቪስ ክፍሎችን አስብ። ክፍሎቹ 4 ናቸው፣ ግድግዳዎቹ ግን 5። ድምር የሚያዘው ክፍል ላይ ሳይሆን ግድግዳ ላይ ነው። «እስከዚህ ግድግዳ ድረስ ስንት አለ?» ነው ጥያቄው። የመጀመሪያው ግድግዳ ጋ ስትቆም ገና ምንም ክፍል አላለፍክም፤ ስለዚህ ዜሮ ነው፣ ያ ዜሮ የተለጠፈ ሳይሆን እውነተኛ መልስ ነው። ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ክፍል ያለውን ስትፈልግ ከሁለተኛው ክፍል በፊት ያለውን ግድግዳ እና ከሦስተኛው ክፍል በኋላ ያለውን ግድግዳ ትወስዳለህ። አራት ማዕዘንም እንደዚያው ነው፤ ከላይና ከታች፣ ከግራና ከቀኝ አራት ግድግዳ አለው፣ የምታነባቸው አራት ቁጥሮች ደግሞ ግድግዳዎቹ የሚገናኙባቸው አራት ነጥቦች ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አራቱን ቁጥሮች የአራት ማዕዘኑ የጥግ ሳጥኖች አድርጎ ስለሚያስባቸው ነው። ሳጥኖች አይደሉም። -1 እዚህ ነው ወይስ እዚያ ነው የሚለው ጭቅጭቅ ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ከታች n የረድፎቹ ብዛት፣ m የዓምዶቹ ብዛት ነው።

```python
P = [[0] * (m + 1) for _ in range(n + 1)]
for i in range(n):
    for j in range(m):
        P[i+1][j+1] = A[i][j] + P[i][j+1] + P[i+1][j] - P[i][j]

def total(r1, c1, r2, c2):
    top, left = r1, c1
    bottom, right = r2 + 1, c2 + 1
    return (P[bottom][right] - P[top][right]) - (P[bottom][left] - P[top][left])
```

if የሚባል የለም፣ ኔጌቲቭ ኢንዴክስ ሊፈጠርም አይችልም። የቅድሙን ጥያቄ ስጠው፦ ከረድፍ 0 እስከ 1፣ ከዓምድ 1 እስከ 2። ላይኛው ግድግዳ 0 ነው፣ እዚያ ላይ ያለው ሁሉ ዜሮ ነው። 13 - 0፣ ከዚያ 7 - 0፤ 13 - 7 ደግሞ 6። ሙሉው ሰንጠረዥም 52 ይመጣል።

ሁለት ጥንቃቄ እዚህ ጋ። የመጀመሪያውን መስመር ለማሳጠር ብለህ `[[0] * (m + 1)] * (n + 1)` ብለህ እንዳትጽፈው። እሱ n + 1 ረድፎች አይሠራም፤ አንዱን ረድፍ ነው n + 1 ጊዜ የሚያሳይህ፣ አንዱ ላይ የጻፍከው ሁሉም ላይ ይጻፋል። ሁለተኛው፣ ብዙ የውድድር ጥያቄዎች ረድፍና ዓምድን ከ1 ጀምረው ነው የሚቆጥሩት። ያኔ top የሚሆነው r1 - 1 ነው፣ bottom ደግሞ r2 ራሱ። ይሄን ቅየራ እነዚያ ሁለት መስመሮች ላይ ብቻ አድርገው። ቁጥሩን ስታነብ አንድ ቀንሰህ፣ ፈንክሽኑ ውስጥ ደግሞ እንደገና ቀንሰህ፣ ፎርሙላው ላይ መልሰህ ደምረህ ከሆነ የቱ ጋ እንደተዛባ ማንም አያገኘውም።

top፣ bottom፣ left፣ right የሚሉትን ስሞችም ለውበት አይደለም ያስገባሁት። x1፣ y1፣ x2፣ y2 ብለህ ስትጽፍ ረድፉ የትኛው እንደሆነ ይጠፋል። ምስል ላይ x አግድም ነው፣ ማለትም ዓምድ፤ ሰንጠረዥ ላይ ግን መጀመሪያ የሚጻፈው ረድፍ ነው። እኔ አንዴ የምስል ሥራ ላይ x እና y ተቀያይረውብኝ አንድ ሙሉ ቀን ፈጅቶብኛል። የሙከራ ምስሎቼ ሁሉ እኩል ጎን ስለነበሩ ኢንዴክሱ ከሰንጠረዡ አልወጣም፣ ስለዚህ ምንም ኤረር አልነበረም። ምስል ስል፣ ይሄ ዘዴ ከውድድር ጥያቄ በፊት የምስል ዘዴ ነው። ፍራንክሊን ክሮው በ1984 ለኮምፒውተር ግራፊክስ አቀረበው፤ በ2001 ደግሞ ቪዮላና ጆንስ ፊት ለመለየት ተጠቀሙበት። ኦፕንሲቪ በሚባለው የምስል ላይብረሪ ውስጥ integral የሚባለውን ፈንክሽን ብትጠራው የሚመልስልህ ሰንጠረዥ ከምስሉ በአንድ ረድፍና በአንድ ዓምድ ይበልጣል፤ ያው የግድግዳው ጉዳይ ነው።

«በየረድፉ ብደምር አይሻልም?» ላልከው፦ ላንተ ጥያቄ አይሻልም። እያንዳንዱ ረድፍ የራሱን ድምር ይዞ እንዲቀመጥ ብታደርግ አንድ ጥያቄ ለመመለስ እስከ 1000 ረድፍ መዞር አለብህ። 200,000 ጥያቄ ሲሆን በከፋው ሁኔታ 200 ሚሊዮን ዙር ነው። ሲፕላስፕላስ ምናልባት ይወጣዋል። ፓይተን ግን በ1 ሰከንድ አጠገቡም አይደርስም። በድምር ሰንጠረዡ አንድ ጥያቄ አራት ቁጥር ማንበብ ነው፣ በጠቅላላው 800,000። የአራት ማዕዘኑ ስፋት ምንም ለውጥ አያመጣም።

የየረድፉ ዘዴ ቦታው ሌላ ነው፤ ቁጥሮቹ በየመሃሉ የሚቀየሩ ከሆነ። የድምር ሰንጠረዥ ትልቁ ገደብ ይሄ ነው። A[0][0] ላይ ያለችውን 2 ወደ 3 ብትቀይራት የሰንጠረዡ እያንዳንዱ ቁጥር መስተካከል አለበት፣ 1000 በ1000 ላይ አንድ ሚሊዮን ማለት ነው። በየረድፉ ከያዝከው ግን የሚነካው ያ ረድፍ ብቻ ነው። ለውጡ ጥቂት፣ ጥያቄውም ያን ያህል ካልሆነ ይበቃል። ሁለቱም ብዙ ከሆኑ የሚያስፈልግህ ባለ ሁለት አቅጣጫ ፌንዊክ ትሪ ነው፤ ለዚህ መጠን አንዱ ለውጥም ሆነ አንዱ የድምር ንባብ በከፋው 100 ገደማ እርምጃ ነው። ልብ በል፣ እሱም ላይ ጥያቄው የሚመለሰው በእነዚሁ አራት ነጥቦች ነው፣ ስለዚህ የግድግዳው ነገር ካልገባህ እዚያም ይከተልሃል። ጥያቄህ ውስጥ ለውጥ ስላልጠቀስክ ግን እዚያ አትግባ።

ሌላው ገደብ፣ ይሄ የሚሠራው ያስገባኸውን መልሰህ ማውጣት ስትችል ነው። ድምር ላይ ይቻላል፤ ቆጠራ ላይም፣ ኤክስኦር ላይም። ትልቁን ቁጥር መፈለግ ላይ ግን አይቻልም። እስከዚህ ድረስ ትልቁ 7 ነው፣ ከላይ ያለው ክፍል ላይ ትልቁ 6 ነው ብትለኝ፣ ከ7 ላይ 6ን «ቀንሼ» የምነግርህ ነገር የለም። ለሱ ሌላ ዘዴ ነው የሚያስፈልገው።

ኮዱን አንድ ቀን ወደ ሲፕላስፕላስ ወይም ጃቫ ካዞርከው የቁጥሩን ስፋት እይ። እያንዳንዱ ሳጥን እስከ ቢሊዮን የሚደርስ ከሆነ የ1000 በ1000 ድምር 10^15 ይገባል። ተራው int ደግሞ 2,147,483,647 ላይ ያበቃል። long long ወይም long ተጠቀም፣ ሰንጠረዡም ላይ፣ መልሱም ላይ። ባለ 32 ቢት ፍሎት ውስጥም እንዳትይዘው፤ ከ16,777,216 በላይ ሙሉ ቁጥሮችን በትክክል መያዝ ይሳነዋል፣ አንተ ደግሞ ሁለት ግዙፍ ድምሮችን ቀንሰህ ትንሽ መልስ ነው የምትፈልገው፣ የሚጠፋውም እዚያ ነው።

የቀረው ሙከራ ነው። መሃል ላይ ያለ አንድ ጥያቄ መሞከር ምንም አያሳይም፤ አንተን ያታለለህ እሱ ነው። ሁሉም ሳጥን 1 የሆነበት ሰንጠረዥም አትጠቀም፣ አራት ማዕዘኑ አንድ ረድፍ ተንሸራትቶ ቢነበብ እንኳ ድምሩ ያው ይሆንና ስህተቱ ይደበቃል። እኩል ጎን ያለውም አይሁን፣ የረድፍና ዓምድ መቀያየር ይደበቅበታል። የላይኛውን 4 በ5 ሰንጠረዥ ውሰድና ሁሉንም አራት ማዕዘን ሞክር። ከ5 አግድም ግድግዳ 2 መምረጥ 10 መንገድ አለው፣ ከ6 ቁልቁል ግድግዳ 2 መምረጥ 15፤ ስለዚህ አራት ማዕዘኖቹ በሙሉ 150 ብቻ ናቸው። እያንዳንዱን በተራ ሉፕ ደምረህ ከ total ጋር አወዳድር።

```python
for r1 in range(n):
    for r2 in range(r1, n):
        for c1 in range(m):
            for c2 in range(c1, m):
                slow = sum(sum(A[r][c1:c2+1]) for r in range(r1, r2 + 1))
                if slow != total(r1, c1, r2, c2):
                    print(r1, c1, r2, c2, slow, total(r1, c1, r2, c2))
```

የሚያትመው ነገር ካለ መጀመሪያ የታተሙትን ጥያቄዎች r1 እና c1 እይ። የሚሳሳቱት r1 ወይም c1 ዜሮ የሆኑት ብቻ ከሆኑ የጠርዝ ጉዳይ ነው። እነዚያ ልክ ሆነው ከጠርዙ የራቁት ብቻ ከተሳሳቱ ጥጉን ረስተሃል ወይም ምልክቱ ተገልብጧል። የቱ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ሰንጠረዡን በሙሉ ዜሮ አድርግና አንዲት ሳጥን ላይ ብቻ 1 አስቀምጥ፣ P ንም እንደገና ገንባ። ያኔ መልሱ ያቺ ሳጥን ስንት ጊዜ እንደተቆጠረች ነው የሚነግርህ። A[0][0] ላይ 1 አስቀምጠህ ከረድፍ 1 እስከ 2፣ ከዓምድ 1 እስከ 3 ስትጠይቅ መምጣት ያለበት 0 ነው። -1 ከመጣ ጥጉ አልተመለሰም። -2 ከመጣ ደግሞ በመደመር ፈንታ ለሦስተኛ ጊዜ ቀንሰኸዋል።